አራት መምህራን፣ አንድ ወረቀት፦ ለ10 ነጥብ የታሪክ ድርሰት የእርማት መስፈርት የሠራንበት መንገድ

የሚድ ፈተና ወረቀት በተመለሰ ማግስት ሁለት ተማሪዎች ወደ ትምህርት ክፍላችን ቢሮ ገቡ። የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ አብረው ያጠናሉ፤ ሴክሽናቸው ግን ይለያያል። በድርሰት ጥያቄው አንደኛዋ 4 ከ10፣ ሌላዋ 8 ከ10 አግኝተዋል። ባለ 4ቷ ሁለቱንም ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋችና «ቲቸር፣ ልዩነቱን ያሳዩኝ» አለች።

ሁለቱንም አነበብኩ። ልዩነቱን ማሳየት አልቻልኩም። እንዲያውም በሆዴ የ4ቱ ወረቀት ይሻላል ብዬ ነበር። «ተዪልኝ፣ አየዋለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ጥያቄው አጭር ነበር፦ «የአድዋ ጦርነትን መንስኤዎች አብራሩ። (10 ነጥብ)»። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ታሪክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪዎቹ የጻፉትም በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸውን ዓረፍተ ነገሮች ወደ አማርኛ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ትምህርቱን የምናስተምረው አራት መምህራን ነን፤ ስምንት ሴክሽን፣ በሴክሽን ወደ 60 የሚጠጋ ተማሪ አለ።

የባለ 4ቷን ልጅ ወረቀት ስምና ነጥቡን ሸፍኜ ፎቶኮፒ አደረግሁት፤ ከሦስቱ ባልደረቦቼ ጋር ለየብቻችን አረምነው። ውጤቱ 4፣ 5፣ 7 እና 8 ሆነ። 4 የሰጡት መጀመሪያም ያረሙት አንጋፋው መምህራችን ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የማን ወረቀት እንደሆነ ሳያውቁ ያንኑ ነጥብ ደገሙት። ይህ ነገር ቆም ብዬ እንዳስብ አደረገኝ። ጋሼ ግድ የለሽ ቢሆኑ ኖሮ ሁለተኛው ጊዜ ሌላ ቁጥር ይወጣ ነበር። እሳቸው በራሳቸው መለኪያ ልክ ናቸው፤ የተቸገርነው አራታችን አራት መለኪያ ይዘን ስለምንዞር ነው።

የመልስ ቁልፉ ምን ይቆጥር ነበር

የፈተናው የመልስ ቁልፍ አሥር መስመር ነበረው፤ ለእያንዳንዱ መስመር 1 ነጥብ። አሰብ፣ ምጽዋ፣ የበርሊን ጉባኤ፣ የውጫሌ ውል፣ አንቀጽ 17፣ የኤርትራ ቅኝ ግዛት መታወጅ፣ የውሉ መሰረዝ፣ ሌላም ሌላም። ጋሼ በቁልፉ መሠረት አነበቡ፤ አራት ነገር አገኙ፤ አራት ራይት አደረጉ፤ 4 ሰጡ። የተሰጣቸውን መመሪያ በትክክል የተከተሉት እሳቸው ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል።

5 የሰጠው ወጣት መምህር ቁልፉን ትቶ ጽሑፉን አይቷል፤ ግሱና ስፔሊንጉ የተበላሸ ስለሆነበት «ሐሳቡ አለ፣ አጻጻፉ ግን…» ብሎ ቀነሰ። 8 የሰጠችው መምህርት ልጅቷ ስለ አንቀጽ 17 የጻፈችው አንቀጽ በጣም ስለማረካት የጎደለውን አልፋዋለች። 7 የሰጠሁት እኔም ለምን 7 እንደሆነ ስጠየቅ «ይመስለኛል» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ወረቀቱ ውስጥ የነበረው እንዲህ ነው። ልጅቷ ከቁልፉ አራት መስመር ብቻ ነክታለች፦ ውሉን፣ አንቀጽ 17ን፣ መሰረዙንና ምጽዋን። ነገር ግን የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከፈለጉ በጣልያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍ እንደሚችሉ ሲል የጣልያንኛው ግዴታ እንዳደረገው፣ ጣልያንም በዚህ ተደግፋ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንዳለች ለአውሮፓ መንግሥታት እንዳስታወቀች፣ ይህን መቀበል ለምኒልክ ነፃነትን መተው እንደነበር ሰንሰለቱ ሳይበጠስ ጽፋዋለች። በሌላ ሴክሽን ደግሞ አንድ ልጅ ዘጠኝ ክስተቶችን ከነዓመታቸው በዘጠኝ መስመር ደርድሮ 9 አግኝቷል። አንዱን ከሌላው የሚያያይዝ ቃል ወረቀቱ ላይ የለም። «አብራሩ» ተብሎ የተጠየቀ ጥያቄ ላይ ዝርዝር 9፣ ማብራሪያ 4 አገኘ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን ለምን ወደቀ

ሁላችንም መስፈርት ይሠራ ብለን ተስማማንና እኔ አንድ ሰንጠረዥ ይዤ መጣሁ። አራት ዓምድ ነበረው፦ ይዘት 4፣ ማስረጃ 2፣ አደረጃጀት 2፣ ቋንቋ 2። በየዓምዱ ውስጥ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «መጠነኛ»፣ «ደካማ» የሚል ተጽፏል። ያማረ ነበር። በሁለት ወረቀት ላይ ስንሞክረው ግን ፈረሰ።

አንደኛው ወረቀት የልጅቷ ነው፤ ይዘት 3፣ ማስረጃ 2፣ አደረጃጀት 1፣ ቋንቋ 0፤ ድምሩ 6። ሁለተኛው ሸጋ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ልጅ ነው፤ መግቢያ አለው፣ መደምደሚያ አለው፣ አንቀጹ ተከፋፍሏል፤ የሚለው ግን ጣልያን ስግብግብ ቅኝ ገዥ እንደነበረችና አባቶቻችን ጀግኖች እንደነበሩ ብቻ ነው። ይዘት 1፣ ማስረጃ 1፣ አደረጃጀት 2፣ ቋንቋ 2፤ ድምሩ እሱም 6። ጋሼ ሁለቱን ድምሮች አዩና «እንግዲህ ታሪክ ማስተማራችንን ትተን እንግሊዝኛ እናስተምር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ነጥብን በዓምድ ከፋፍለን ስንደምር፣ አንዱ ዓምድ የሌላውን ባዶነት ይሸፍናል፤ ከ10 ነጥብ 4ቱን ለአደረጃጀትና ለቋንቋ ከሰጠን ደግሞ ምንም ታሪክ ያልጻፈ ተማሪ መንገዱን አጋምሶ ነው የሚጀምረው። ለ30 ወይም ለ40 ነጥብ ጥናታዊ ጽሑፍ ዓምድ መክፈል ያስኬድ ይሆናል። ለ10 ነጥብ፣ በአንድ ገጽ ተኩል ለሚጻፍ ድርሰት ግን ወረቀቱን አንድ ላይ አይቶ በደረጃ መመደብ ይሻላል ወደሚለው መጣን።

የቅጽሎቹ ነገር ከዚህ ይብሳል። «ጥሩ ማብራሪያ» ምንድን ነው? ለጋሼ አራት መነሻ መጥቀስ ነው፤ ለመምህርቷ አንዱን በጥልቀት መተንተን ነው። ቃሉ ለሁለቱም ይመቻቸዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም መስፈርቱን ተከትያለሁ እያሉ እንደ ድሮው ያርማሉ። የደረጃ መግለጫ ስለ ወረቀቱ ያለንን ስሜት ከተናገረ ዋጋ የለውም። ወረቀቱ ላይ በጣት ሊነካ የሚችል ነገር መናገር አለበት።

ከወረቀት ወደ መግለጫ

ስለዚህ አካሄዱን ገለበጥነው። ከየሴክሽኑ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 24 ወረቀት ስማቸውን ሸፍነን ጠረጴዛ ላይ አፈሰስን። ነጥብ መስጠት ክልክል ነው አልን። የሚፈቀደው ሁለት ወረቀት አንስቶ «የትኛው ይበልጣል?» ማለትና ቀጥሎ «ይህኛው ያደረገው፣ ያኛው ያላደረገው ምንድን ነው?» ብሎ መመለስ ብቻ ነው። መልሱን እኔ ቃል በቃል ማስታወሻ ላይ እጽፋለሁ። ሁለት ከሰዓት ፈጀብን። መጨረሻ ላይ ወረቀቶቹ በአራት ክምር ተቀመጡ፤ ማስታወሻዬ ላይ ያሉት ዓረፍተ ነገሮችም ሳንፈልጋቸው የደረጃ መግለጫ ሆነው ተገኙ። አሳጥረን እንዲህ ጻፍናቸው፤ በየሥራቸው ከክምሩ የወጣ አንድ አንድ ምሳሌ አለ።

ደረጃ 1፣ ከ1 እስከ 2 ነጥብ፦ ስለ አድዋ ወይም ስለ ጣልያን እውነት የሆነ ነገር ይላል፤ ለዚህ ጦርነት መነሻ ሆኖ የቀረበ የተለየ ነገር ግን የለም። የተባለው ለየትኛውም የቅኝ ግዛት ጦርነት ሊባል ይችላል። ምሳሌ፦ «ጣልያን የኢትዮጵያን ሀብት ትመኝ ነበር፤ አባቶቻችን ግን ደማቸውን አፍስሰው መለሷት።»

ደረጃ 2፣ ከ3 እስከ 5 ነጥብ፦ መነሻዎችን በስማቸው ይጠራል ወይም ክስተቶችን በቅደም ተከተል ይተርካል፤ አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳስከተለ ግን አንባቢው ራሱ መሙላት አለበት። ምሳሌ፦ «በ1877 ዓ.ም. ጣልያን ምጽዋን ያዘች። በ1881 የውጫሌ ውል ተፈረመ። በ1885 ምኒልክ ውሉን ሰረዙ። በ1888 አድዋ ላይ ጦርነት ሆነ።»

ደረጃ 3፣ ከ6 እስከ 8 ነጥብ፦ ቢያንስ አንድ መነሻ እንዴት ወደ ጦርነቱ እንዳደረሰ ወረቀቱ ራሱ ያሳያል፤ አንባቢው የሚሞላው ክፍተት የለም። የልጅቷ የአንቀጽ 17 አንቀጽ የዚህ ምሳሌ ሆኖ ገባ።

ደረጃ 4፣ ከ9 እስከ 10 ነጥብ፦ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መነሻዎችን ያብራራል፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው ያላቸውን ግንኙነት ወይም የትኛው እንደሚከብድና ለምን እንደሆነ ይናገራል። ምሳሌ፦ «ጠቡ የትርጉም ብቻ ቢሆን ኖሮ ምኒልክ ውሉን በ1885 ሲሰርዙ ወዲያው ይዋጉ ወይም ይታረቁ ነበር። ጣልያን ከውሉ በፊትም ከምጽዋ ወደ ደጋው እየገፋች ነበር፤ አንቀጽ 17 ለዚያ ግፊት የሕግ ሽፋን ሰጠው እንጂ አልወለደውም።»

ምንም ያልጻፈ ወይም ስለ ሌላ ጉዳይ የጻፈ 0።

በደረጃ 2 እና 3 መካከል ያለው ድንበር ላይ ነው ብዙ የደከምነው፤ ከክምሩ ግማሽ ያህሉ እዚያ አካባቢ ነበር። ተማሪዎቻችን ሲተርኩ ያብራሩ ይመስላቸዋል። እኛም ታሪኩን ስለምናውቀው ስናነብ ክፍተቱን ሳይታወቀን እንሞላላቸዋለን፤ «ምጽዋን ያዘች፤ ውል ተፈረመ» የሚለውን ሲያይ መምህሩ በመሃል ያለውን ዶጋሊንም መተማንም በራሱ ጨምሮ ያነበዋል። ስለዚህ መፈተኛ አበጀን፦ የዓረፍተ ነገሮቹን ቅደም ተከተል ብንቀያይር ወረቀቱ የሚጎዳው ነገር አለ? ዓመቶቹን ብቻ እያየን መልሰን መደርደር ከቻልን ትረካ ነው፤ ደረጃ 2። አንዱ ዓረፍተ ነገር ከፊቱ ያለውን ይዞ ካልሆነ ትርጉም የማይሰጥ ከሆነ ማብራሪያ ተጀምሯል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ስለዚህ» የሚለው ቃል ብቻውን ማስረጃ አይደለም። «የበርሊን ጉባኤ ተካሄደ፤ ስለዚህ ጣልያን ኢትዮጵያን ወረረች» የሚል ወረቀት ቃሉን ተጠቅሟል እንጂ ድልድዩን አልሠራም፤ ደረጃ 2 ላይ ነው የቆየው።

በደረጃው ውስጥ ነጥቡን ለመምረጥ ከመሃል እንጀምራለን፤ ደረጃ 2 ከሆነ ከ4፣ ደረጃ 3 ከሆነ ከ7። ከዚያ ወደ ላይ የሚገፋው ወይም ወደ ታች የሚጎትተው ማስረጃው ነው። በ6፣ በ7 እና በ8 መካከል ያለውን ልዩነት በቃል ለመናገር ራሳችንን አስገደድን፦ አንድ መነሻ ብቻ ተብራርቶ ከሆነ 6፤ አንዱ በሙሉ ሌላው በከፊል ከሆነ 7፤ ሁለት በሙሉ፣ ከትክክለኛ ማስረጃ ጋር ከሆነ 8። መጀመሪያ አምስት ደረጃ፣ በየደረጃው ሁለት ሁለት ነጥብ አስበን ነበር። የመሃለኞቹን ክምሮች ለሦስት ለመክፈል ስንሞክር ግን ልዩነታቸውን በቃል ልናስቀምጠው አልቻልንም። መናገር የማንችለውን ድንበር ደግሞ በእርማት ሰዓት ልናገኘው አንችልም፤ ተውነው።

አከራካሪዎቹ ጉዳዮች

«አንድ መነሻ ብቻ ቢያብራራ ከ6 አያልፍም» የሚለውን ጣሪያ ያመጡት ጋሼ ናቸው። መምህርቷ ተቃወመች፤ አንዱን በጥልቀት የጻፈ አሥሩን ከዘረዘረ ይበልጣል አለች። «ይበልጣል፤ ለዚህም 6 አገኘ፤ ዘርዛሪው 5 ነው። ግን ጥያቄው ‹መንስኤዎች› ይላል፤ ብዙ ቁጥር ነው» አሏት። መልስ አልነበራትም፤ እኔም አልነበረኝም። ጣሪያው ጸደቀ።

ቋንቋን ሙሉ በሙሉ ከነጥቡ አወጣነው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ ምን ለማለት እንደፈለገ ከገባን ግሱ ቢሳሳትም ሙሉ ዋጋ አለው፤ ፈጽሞ ካልገባን ለዚያ ዓረፍተ ነገር ዋጋ አንሰጥም፤ ስላልገባን ግን ከሌላው አንቀንስም። ወጣቱ መምህር ይህን አልወደደውም፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ማን ይራራላቸዋል አለ። ተገቢ ስጋት ነው። ግን ክፍል ውስጥ አንቀጽ 17ን ያስረዳናቸው ግማሹን በአማርኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

የስህተት ጉዳይ ያልጠበቅነውን አመጣ። ስለ አድዋ ሲጽፉ ብዙ ልጆች በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ የኛን ዘመን አቆጣጠር ይጠቀማሉ። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ማርች 1 ቀን 1896። ውጫሌ ደግሞ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ማለትም በሜይ 1889። አንድ ልጅ ውሉን ከመጽሐፉ 1889፣ ጦርነቱን ከቤቱ 1888 ብሎ ይጽፋል፤ ወረቀቱ ላይ ጦርነቱ ከውሉ አንድ ዓመት ቀደመ ማለት ነው! የቀድሞው ቁልፍ ለአንዱ ራይት፣ ለሌላው ኤክስ ያደርግ ነበር። እኛ የወሰንነው ስህተቱ ክርክሩን ይሰብራል ወይስ አይሰብርም በሚለው ነው። ልጁ «ውሉ ከተሰረዘ በኋላ ጣልያን ዘመተች» ብሎ ቅደም ተከተሉን በቃል ካስቀመጠ የዓመቱ መደባለቅ ክርክሩን አልነካውም፤ ክበን እናልፈዋለን። «ከአድዋ ሽንፈት በኋላ ጣልያን አንቀጽ 17ን አመጣች» ያለ ግን ምክንያቱንና ውጤቱን ገልብጧል፤ ያ ማብራሪያ እንደሌለ ይቆጠራል።

አሥር መስመር የነበረውን የድሮ ቁልፍ አልጣልነውም። «ሊጠቀስ የሚችል ማስረጃ» ብለን ስሙን ቀይረን ከመስፈርቱ ጋር አያያዝነው፤ ከአጠገቡም እያንዳንዱ ነገር ወደ ጦርነቱ የሚወስድበትን መንገድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርን። ለምሳሌ «ምጽዋ» የሚለው መስመር «ምጽዋ፣ 1877 ዓ.ም.፦ ጣልያን የባሕር በሩን ስለያዘች ከጠረፉ ወደ ደጋው መግፋት የሚያስችላት መነሻ አገኘች» ሆነ። ነጥብ አይሰጥበትም፤ መምህሩ የሚያየው ተማሪው ያነሳው ነገር እውነት መሆኑን ለማጣራት ነው። ከዝርዝሩ ውጭ የመጣ እውነተኛ ማስረጃም እኩል ይያዛል። አንዲት ልጅ በ1887 ዓ.ም. የተነሣውን የደጃዝማች ባሕታ ሐጎስን አመፅ አንስታ ነበር፤ ቁልፉ ላይ ስላልነበረ መጀመሪያ ምንም አላገኘችበትም።

መስፈርቱ ያጋለጠው ጥያቄ

ደረጃ 4ን ስንጽፍ ወጣቱ መምህር አንድ ነገር ተናገረ፤ ሥራውን ሁሉ የቀየረ። «መስፈርታችን የትኛው እንደሚከብድ ፍረዱ ይላል። ጥያቄው ግን አብራሩ ነው ያለው። ያልጠየቅናቸውን ነገር አላደረጋችሁም ብለን ነጥብ ልንከለክል ነው?»

ልክ ነበር። ከ24ቱ ወረቀቶች በአራተኛው ክምር ውስጥ የገቡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ሳይጠየቁ ያደረጉት ነው። ስለዚህ ለሚዱ ፈተና ደረጃ 4ን ዝቅ አድርገን፣ ሁለት የተብራሩ መነሻዎችን እርስ በርስ ማያያዝ ብቻ እንዲበቃ ወሰንን። ለፋይናሉ ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ቀየርነው፦ «የአድዋ ጦርነት ዋና መነሻ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነው። በዚህ አባባል ምን ያህል ትስማማላችሁ?» ከዚህ በኋላ ጥያቄና መስፈርት በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲወጣ ተስማማን። መስፈርቱ ላይ ያለው ከፍተኛ ደረጃ ጥያቄው ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ከሁለቱ አንዱ ይስተካከላል።

የልጅቷ ወረቀት እንደገና ሲታይ አንቀጽ 17 በሙሉ ተብራርቷል፤ ስለ ምጽዋ ደግሞ ጠረፉ ስለማይበቃት ጣልያን ደጋውን ፈለገች የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ያ ከፊል ነው። 7 ሆነ። የጓደኛዋ ወረቀት ስምንት ክስተት ጠቅሶ አንዱን ብቻ ያብራራል፤ በመስፈርቱ 6 ነው። ዘጠኝ መስመር የደረደረው ልጅ 5 ሆነ። ሁለቱን ለመቀነስ ግን አልደፈርንም፤ ያወጣነው ፈተና በዚህ መስፈርት እንደሚታረም አልነገርናቸውም ነበር። ስለዚህ ጭማሪ ብቻ ሮስተር ላይ እንዲገባ አደረግን። ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርም፤ 5 የሚገባው ወረቀት ዛሬም 9 ተብሎ ተመዝግቧል።

በፋይናሉ እንዴት ሠራ

ወደ 480 ወረቀት ነው፤ ለአንድ ሰው 120። በአንድ ወረቀት ሦስት ደቂቃ ቢታሰብ ስድስት ሰዓት። ከመጀመራችን በፊት ስድስት ወረቀት መርጠን አብረን አረምን፤ ከደረጃ 1 አንድ፣ ከደረጃ 4 አንድ፣ ከመሃለኞቹ ሁለት ሁለት። በእነዚህ ላይ ከተስማማን በኋላ ነጥባቸውና ምክንያቱ ተጽፎባቸው ለእያንዳንዳችን እንደ ናሙና ተሰጡ። ሰው ሲጠራጠር መግለጫውን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ወረቀቱን ከናሙናው አጠገብ አስቀምጦ «ከዚህ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ቢል ቶሎ ይወስናል።

አንድ ተንኮል ጨመርኩበት። በእያንዳንዳችን ክምር ውስጥ፣ መጀመሪያና ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ አንድ ዓይነት ወረቀት በፎቶኮፒ አስደበቅሁ። ሌሎቹን ለመያዝ ያጠመድኩት ወጥመድ እኔኑ ያዘኝ። ክምሩን ያቀላቀለው የቢሮው ጸሐፊ ስለሆነ የት እንዳለ አላውቅም ነበር፤ በመጀመሪያው 7፣ በሁለተኛው 5 ሰጥቼዋለሁ። በመሃል ብዙ ጠንካራ ወረቀቶች ተከታትለው ስለመጡብኝ መካከለኛው ደካማ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየ20 ወረቀቱ ቆም ብዬ የደረጃ 3ን ናሙና እንደገና አነባለሁ። በአራታችን መካከል የነበረው ልዩነት በአብዛኛው ወደ 1 ነጥብ ወርዷል፤ 2 የሚሆነው በ5 እና በ6 ድንበር ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የወደቀ ወረቀት ሁለተኛ ሰው እንዲያየው አድርገናል።

መስፈርቱ ያልፈታው ችግርም መጣ። ከአንድ ቱሽን ቤት የወጣ ይመስላል፣ ብዙ ወረቀቶች በአንድ ዓይነት መደምደሚያ ይዘጋሉ፦ «በአጠቃላይ አንቀጽ 17 ሰበብ እንጂ መነሻ አልነበረም»። ዓረፍተ ነገሩ ለብቻው ሲነበብ ደረጃ 4 ይመስላል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ከላይ ያለው አካል ስለ አንቀጽ 17 ብቻ ነው የሚያወራው፤ ፍርዱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ነገር የለም። «ፍርዱ በአካሉ ውስጥ ከተብራራው ነገር የተነሣ መሆን አለበት» የሚል መስመር በእርማቱ መሃል ጨመርን፤ አስቀድመው የታረሙትንም መልሰን አየን። በእርማት መሃል መስፈርት መቀየር ደስ አይልም፤ 40 ያህል ወረቀት ደግሜ ማገላበጥ ነበረብኝ።

በወረቀቱ ኅዳግ ላይ ደረጃውንና ወደሚቀጥለው ደረጃ ያላሻገረውን ነገር በአንድ መስመር እንጽፋለን። ዘጠኝ መስመር ደርድሮ 9 ያገኘው ልጅ በፋይናሉም ደርድሮ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ሰባት ክስተት ነው፣ ዓመቶቹ በሙሉ ልክ ናቸው፣ መጨረሻ ላይ «እስማማለሁ» ብሎ ዘግቶታል። 5 ሰጠሁት፤ ኅዳጉ ላይ «1885 ላይ ውሉ ተሰረዘ፤ ጦርነቱ 1888 ነው። በመሃል ሦስት ዓመት ምን ሆነ?» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ በተመለሰ ቀን ወደ ቢሮ መጣ። ሊከራከር መስሎኝ የሚዱን ነገር አስቤ ትንሽ ደነገጥኩ። ወረቀቱን ዘርግቶ የጻፍኩትን በጣቱ ነካ አደረገና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ደብተሬ ላይ የለም» አለኝ። የኔም የማስተማሪያ ማስታወሻ ላይ አልነበረም።